ሳትነግራቸው እንዳትጨምር

ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበቴ እየተሻለኝ ነው። አክስትህ ግን ከዘጌ ንቅንቅ አትይም ብላኛለች። ትናንት በጀልባ የመጣችው ጎረቤታችን አንድ ነገር ነግራኝ እንቅልፍ አሳጣችኝ። ከሰኞ ጀምሮ በኢንተርኔት ቤታችን ፕሪንት ከ5 ብር ወደ 6 ልታደርግ ነው አሉ። በሩ ላይ የተለጠፈው ግን አሁንም 5 ይላል። ለደንበኞቻችን ሳትነግራቸው እንዳትጨምር!

መጨመሩን አልቃወምም። ሒሳቡን እኔም ሠርቼዋለሁ። ደስጣው 500 ወረቀት ነው። በ500 ብር ስንገዛው አንዱ ወረቀት 1 ብር ይመጣ ነበር። አሁን 900 ገብቷል፤ አንዱ 1 ብር ከ80 ሆነ ማለት ነው። ቶነር ማስሞላትም ከ400 ወደ 600 ወጥቷል። አንድ ሙሌት 1,000 ገጽ ያህል ስለሚያትምልን በገጽ 20 ሳንቲም ይጨምራል። ድምሩ ልክ 1 ብር። ለትርፋችን የጨመርነው ነገር የለም፤ ይህንኑ በግልጽ ንገራቸው። የኢንተርኔቱ የወር ክፍያ ግን ያው ነው። ስለዚህ የደቂቃውን ዋጋ እንዳትነካ። «ሁሉም ነገር ተወደደ» ብሎ ሁሉንም ማንሳት ውሸት ነው።

ያቺን የፔዳ ግቢ ተማሪ ታስታውሳታለህ? አንተ ያኔ ጠረጴዛ ሥር ነበር የምትጫወተው። በየቀኑ «እማዬ» እያለች ትገባ ነበር። 50 ሳንቲም የነበረውን ፕሪንት አንድ ማለዳ ለማንም ሳልናገር 75 አደረግሁት። እሷ የመመረቂያ ጽሑፏን 96 ገጽ አሳተመች። በእጇ አንድ 50 ብር ብቻ ነበር። 48 ብር ይሆናል ብላ ነው የመጣችው፤ እኔ 72 አልኳት። በሩ ላይ የተለጠፈውን አየች። ከዚያ ምንም ሳትል 66ቱን ገጽ ቆጥራ ወሰደች። 30ው እኔ ጋ ቀረ። ወር ሙሉ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬ ጠበቅኋት። አልመጣችም። እንዲያው ወስደሽ ሂጂ ማለት ምን ነበረበት?

ዛሬውኑ እንዲህ ብለህ ጻፍ፤ በትልቁ፣ ከገንዘብ መቀበያው ፊት ለጥፈው፦

«ወረቀትና ቶነር ስለጨመረብን ከመጪው ወር 1 ቀን ጀምሮ የአንድ ገጽ ፕሪንት 6 ብር ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ያዘዛችሁት በ5 ብር ነው። የኢንተርኔት ዋጋ አልተለወጠም። መብራት ሲጠፋ ተቀምጣችሁ የጠበቃችሁን ደንበኞቻችን፣ እናመሰግናለን።»

ሰኞ የሚባለውን ተወው። «ስለተረዳችሁን» ብለህም አትጻፍ፤ ገና አልተረዱህማ። ምክንያቱን ሰምተው፣ ስድስቷን ብር ከፍለው ተመልሰው ሲመጡ ያኔ ስማቸውን እየጠራህ አመስግናቸው። የሚያጉረመርም ቢኖር አትቆጣ፤ የደስጣውን ደረሰኝ አሳየው።

ወረቀቱን ደግሞ ከመሬት አንሣው። ክረምት ላይ የሐይቁን እርጥበት እየጠጣ ይጣበቃል፤ ማሽኑ ሁለት ሁለት ይስባል፤ የሚበላሸው ሁሉ ከኪስህ ነው። የተከፈተውን ደስጣ በላስቲክ ጠቅልለው።

ምሳ ሳትበላ እንዳትውል፣ የኔ ጌታ። ማስታወቂያውን ስትለጥፍ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ እስካየው አልተኛም። ሳትነግራቸው እንዳትጨምር።

እናትህ