ቀብድ በሉ ላላችሁን

ለአዘጋጁ፦

ባለፈው ሳምንት «ቀብድ የሚበሉ አናጺዎች» ብላችሁ ባወጣችሁት ዘገባ ላይ የተጠቀሰው የቴሌግራም መልእክት የእኔ ነው። እሰየው፣ በስተርጅና ጋዜጣ ላይ ወጣሁ! ግን ከጻፍኩት ሁሉ መርጣችሁ ያተማችሁት አንዲቱን ብቻ ነው፦ «ቀብዱ አይመለስም»።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጅማ ሂርማታ ያለው ቤቴ መጥተው አንዲት ደንበኛ የ24 ሺህ ብር የዋንዛ ቁም ሳጥን አዘዙ፤ 10 ሺህ ቀብድ ከፈሉ። ግድግዳቸው ላይ ምሰሶ ስላለ የግራው በር ከቀኙ በ12 ሳንቲ ሜትር እንዲጠብ ተደረገ። በሁለተኛው ሳምንት ቤት ቀየሩና «ብሬን መልስ» አሉ። እንጨቱ ግን ተቆርጦ አልቋል። የፈረሙበት ደረሰኝ ደግሞ ከተቆረጠ በኋላ ቀብድ እንደማይመለስ ይናገራል።

የላክሁላቸው ሙሉው ይኸው፦

«እመቤቴ፣ ቤት መቀየርዎ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ቀብዱ አይመለስም፤ እንጨት ተገዝቶበት ተቆርጧል። ሁለት ነገር ግን እችላለሁ። አዲሱ ግድግዳ ከፊተኛው የሚጠብ ከሆነ፣ ለክቼ በዚያው ዋጋ አሳጥረዋለሁ፤ ማስፋት አይቻልም። አለዚያ ጨርሼ ለሌላ ሰው እሸጠውና ከ14 ሺህ በላይ ያገኘሁትን፣ እስከ 10 ሺህ ድረስ እመልስልዎታለሁ። በሮቹ እኩል ስላልሆኑ በ24 ሺህ ይሸጣል ብዬ አልዋሽዎትም። እስከ ዓርብ አንዱን ይንገሩኝ።»

ጋዜጠኛችሁ «ጨካኝ» ያላት ቃል ሁለተኛዋ መስመር ላይ የተቀመጠችው ሆን ብዬ ነው። ቁርጡን ሳልነግራቸው «እስቲ እናያለን» ብል ኖሮ፣ ሴትዮዋ በየሳምንቱ የባጃጅ እየከፈሉ ይመላለሱ ነበር። እሱ ይሆን ደግነቱ?

ሕጉንም ብትጠይቁ ጥሩ ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1885 ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል ይላል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። እኔ እንጨት ጠፋ ብዬ ብተወው 20 ሺህ ብር እዳ ነበረብኝ። ይቺን ለምን ዘለላችኋት? በሩ ቢጣመም ወይም ልኬቱን ብስት ኖሮ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ጥፋቱ የኔ ስለሆነ ደረሰኙን እያሳየሁ አልከራከርም። እዚህ ግን ልኬቱ ትክክል፣ የተቀየረው ቤቱ ነው።

ሴትዮዋ ሁለተኛውን መረጡ። ቁም ሳጥኑ በ21 ሺህ ተሸጠና 7 ሺህ ብራቸውን ቆጥረው ተቀበሉ። የፈረሙበት ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ዘገባው የወጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ስልኬ መልእክቱ ላይ ተጽፎ እያለ ማንም አልደወለልኝም።

የቤት ዕቃ ሠሪ፣ ከጅማ