“እንቁላልሽ አልቋል” የተባለችው በየትኛው ምርመራ ነው?

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፦

ከ35 ዓመት በኋላ ስለመውለድ በጤና ገጻችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጉዳዩን ማንሳታችሁ ደግ ነው። ነገር ግን ጽሑፉ የእንቁላል ብዛትንና የእንቁላል ጥራትን ደባልቆ አንድ አድርጓቸዋል። እኔ የምሠራው በመካንነት ሕክምና ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ይህ መደባለቅ ስንቱን ሴት አስለቅሶ እንደሚልክብን ስለማይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከብዛቱ ልጀምር። ሴት ልጅ ስትወለድ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊዮን የሚሆን እንቁላል ይዛ ትወለዳለች። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከ300 እስከ 400 ሺህ ይቀራታል። በ37 ዓመቷ ገደማ ደግሞ 25 ሺህ አካባቢ። ቁጥሩ ሲወርድ ያስደነግጣል። ግን በየወሩ የሚወጣው እንደ ደንቡ አንድ ነው። በዕድሜዋ ሙሉ የምታስወጣው 400 ወይም 500 ቢሆን ነው። ሌላው ሳይወጣ እዚያው ይከስማል። የወሊድ መከላከያ ብትወስድም ይከስማል፣ ብታረግዝም ይከስማል። እናም የ38 ዓመት ሴት ለማርገዝ የምትቸገረው በአብዛኛው እንቁላል ስላለቀባት አይደለም።

ችግሩ ያለው ጥራቱ ላይ ነው። እንቁላሉ፣ ሴቷ ገና እናቷ ማህፀን ውስጥ ሳለች፣ ክሮሞዞሞቹን ለመከፋፈል ይጀምርና መሀል ላይ ያቆማል። ከዚያ ይጠብቃል። በ20 ዓመቷ የሚወጣው 20 ዓመት ጠብቋል፣ በ38 ዓመቷ የሚወጣው 38 ዓመት። በዚህ ሁሉ ጊዜ ክሮሞዞሞቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ የያዛቸው ፕሮቲን አለ። እንደ አሮጌ ልብስ ስፌት ቀስ እያለ ይላላል። እንቁላሉ ሊወጣ ሲል ክፍፍሉን ይቀጥላል፣ ያኔ የላላው ጥንድ በትክክል አይለያይም። እንቁላሉ 23 ክሮሞዞም መያዝ ሲገባው 22 ወይም 24 ይዞ ይወጣል።

ይህንን በማየት ማወቅ አይቻልም። በማይክሮስኮፕ ሥር የ28 እና የ38 ዓመት ሴት እንቁላል ጎን ለጎን ቢቀርብልኝ አልለይም። ልዩነቱ የሚታየው ቆይቶ ነው። ቁጥሩ የተዛባው ፅንስ ወይ አይጣበቅም፣ ሴትየዋም ማርገዟን ሳታውቅ የወር አበባዋ ይመጣል። ወይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይጨነግፋል። ጥቂቱ ዳውን ሲንድረም ይዞ ይወለዳል። በላብራቶሪ ውስጥ የተፈጠሩ ፅንሶች ሲመረመሩ በ30 ዓመት አካባቢ ላይ ካለች ሴት ፅንሶች ከአራቱ አንዱ ገደማ የክሮሞዞም ስህተት ይገኝበታል። በ38 ግማሽ ያህሉ። በ42 ከአራቱ ሦስቱ። የውርጃውም ቁጥር አብሮ ይጨምራል። የኖርዌይን የእርግዝና መዝገብ ያጠኑ ሰዎች በ20ዎቹ መጨረሻ 10 በመቶ ገደማ የነበረው የውርጃ መጠን ከ35 እስከ 39 ባሉት ላይ ወደ 17 በመቶ፣ ከ40 እስከ 44 ባሉት ላይ 32 በመቶ ገደማ ሆኖ አግኝተውታል።

“ከ35 በኋላ ከሦስት ሴት አንዷ በዓመት ውስጥ አታረግዝም” የሚለው አባባል በጽሑፋችሁም ገብቷል። ይህ ቁጥር ለዓመታት ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው ሲገለበጥ የኖረ ነው። ምንጩ ከ1670 እስከ 1830 (እ.ኤ.አ.) የኖሩ ፈረንሳውያን የልደት መዝገብ ነው! መብራት፣ አንቲባዮቲክና አልትራሳውንድ ያልነበረበት ዘመን። በ2004 (እ.ኤ.አ.) በአውሮፓውያን ጥንዶች ላይ የወጣ ጥናት ግን ከ35 እስከ 39 ያሉ ሴቶች በሳምንት ሁለቴ ግንኙነት ካደረጉ 82 በመቶዎቹ በአንድ ዓመት ውስጥ እንደሚያረግዙ አሳይቷል። ከ27 እስከ 34 ላሉት 86 በመቶ ነበር። ልዩነቱ አለ፣ ገደል ግን አይደለም። እዚህ ላይ የተቆጠረው ማርገዝ ነው እንጂ ወልዶ ማቀፍ አይደለም፣ ውርጃው ከዚያ ላይ ይቀነሳል። ያው ጥናት ሌላም ነገር ይላል፤ ሴቷ በ30ዎቹ መጨረሻ ላይ ስትሆን የባልየው ዕድሜም መቆጠር ይጀምራል።

አሁን ወደ ደብዳቤዬ ዋና ምክንያት ልምጣ። የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። ፈቅዳልኛለች፣ የሚያሳውቃትን ነገር ቀይሬዋለሁ። ቤሩት ለዓመታት ሠርታ ተመልሳ አገባች። 38 ዓመቷ ነው፣ ባሏ 44። ከሠርጓ አንድ ዓመት ሲያልፍ ልጅ የለም። የሰፈር ወሬ ጀመረ፣ አማቷም ፀበል ውሰዷት ማለት ጀመሩ። አንድ የግል ክሊኒክ ሄደች። ኤ ኤም ኤች የሚባለውን የደም ምርመራ አደረጉላት፣ 0.8 ወጣ። “እንቁላልሽ አልቋል፣ የሌላ ሴት እንቁላል ፈልጊ” ተባለች። አለቀ። ሌላ ጥያቄ የለም፣ ሌላ ምርመራ የለም።

ኤ ኤም ኤች ምን ይነግረናል? በእንቁልጢ ውስጥ የሚያድጉ ትንንሽ ከረጢቶች የሚያመነጩት ሆርሞን ነው። ስለ ብዛት ይናገራል። እንቁላል የሚያሳድግ መርፌ ብንሰጣት ስንት እንቁላል እንደምናገኝ ለመገመት ይጠቅመናል። ከነዚያ ውስጥ ስንቱ ጤነኛ እንደሆነ ግን አይናገርም። በዚህ ወር ትወጣለች የምትባለዋ አንዷ እንቁላል ጥሩ ትሁን አትሁን አያውቅም። በ2017 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የመካንነት ታሪክ የሌላቸው ከ30 እስከ 44 ዓመት የሆኑ ሴቶችን ተመራማሪዎች ተከታትለው ነበር። ኤ ኤም ኤቻቸው ዝቅ ያሉት ከሌሎቹ ያነሰ የማርገዝ ዕድል አልታየባቸውም። ጥራቱን በተመለከተ ከደም ምርመራው ይልቅ መታወቂያዋ ላይ ያለው የልደት ቀን ይበልጥ ይናገራል። ይህን ማንም ነግሯት አያውቅም።

እኛ ጋ ስትመጣ ቁጭ ብለን ቀኑን ቆጠርን። ከሠርጉ ጥቂት ቀደም ብሎ የመጨረሻውን የወሊድ መከላከያ መርፌ፣ ዲፖን፣ ተወግታለች። ዲፖ የሚሠራው ለሦስት ወር ነው ይባላል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ካቆሙት በኋላ ለማርገዝ ከመጨረሻው መርፌ አንስቶ በአማካይ አሥር ወር አካባቢ ይፈጃል፣ ከዚያም የሚቆይባቸው አሉ። የእሷም የወር አበባ የተስተካከለው በቅርቡ ነበር። አንድ ዓመት ሞከርኩ ያለችው ሲቆጠር ጥቂት ወራት ብቻ ሆነ። ዲፖ አያመክንም። ነገር ግን በ25 ዓመት ምንም የማይመስለው የወራት መዘግየት በ37 ሲሆን ዋጋ ያስከፍላል። ልጅ የምትፈልግ የ36 ዓመት ሴት ወደ ሌላ መከላከያ መቀየር እንደምትችል ጤና ጣቢያ ላይ ቢነገራት ምን ነበረበት?

ቀጥሎ ባልየውን ጠራነው። አልመጣም። ደግመን ጠራነው፣ እያጉረመረመ መጣ። “እኔ ምን ሆኜ?” አለ። የዘር ፈሳሹን ስንመረምር የስፐርሙ ቁጥር እጅግ ዝቅ ያለ ነው። ከሚቸገሩት ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ላይ የወንዱም ድርሻ አለበት። ምርመራው ደግሞ ከሁሉም ይረክሳል፣ መርፌም የለውም። እሷ ስታለቅስ የኖረችው በእሱ ውጤት ነበር ማለት ይቻላል። የእሷ የማህፀን ቱቦ በኤክስሬይ ሲታይ ክፍት ነው።

የሕክምና መመሪያው ግልጽ ነው። ሴቷ ከ35 በታች ከሆነች አንድ ዓመት ሞክሮ መመርመር ይበቃል። ከ35 ካለፈች ስድስት ወር። ከ40 ካለፈች መጠበቅ አያስፈልግም። ሲመረመሩ ደግሞ ሁለቱም በአንድ ቀን ይጀምሩ። በየተራ ሲሆን ወሩ የሚባክነው በእሷ ዕድሜ ላይ ነው።

የስፐርሙ ቁጥር እንዲያ ዝቅ ስላለ የቀረው መንገድ እንቁላልን አውጥቶ ላብራቶሪ ውስጥ ከስፐርም ጋር ማዋሃድ፣ አይቪኤፍ የሚባለው ሕክምና ሆነ። አገልግሎቱ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም ይሰጣል። ጽሑፋችሁ አይቪኤፍን የዕድሜ መድኃኒት አድርጎ ማቅረቡ ግን አሳስቦኛል። አይቪኤፍ እንቁላልን ወጣት አያደርግም። ያሉትን ባንድ ጊዜ ያወጣል፣ ያ ብቻ ነው። ከአንዲት የ38 ዓመት ሴት አሥር እንቁላል ወጣ እንበል። የበሰሉት ስምንት ይሆናሉ። ከስፐርም ጋር የሚዋሃዱት ስድስት። አምስተኛው ቀን የሚደርሱት ሦስት ቢሆኑ ነው። ከሦስቱ ክሮሞዞሙ የተስተካከለው አንድ ወይም ሁለት። እሱም ሁልጊዜ አይጣበቅም። ከባለታሪኳ የወጣው አምስት ነበር፤ ኤ ኤም ኤቹ እዚህ ላይ ልክ ነበረ። አራቱ በስለው ነበር። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ አንድ ስፐርም በመርፌ አስገባን፣ ሦስቱ ተዋሃዱ። አምስተኛው ቀን የደረሰው አንድ ነው። ተተከለላት፣ አልያዘም። ለሁለተኛ ጊዜ እየተዘጋጁ ነው።

ብዙ ሰው ቪታሚን ይጠይቀኛል። የእንቁላል ጥራት ያድሳል ተብሎ የሚሸጠው ዱቄትና ክኒን ብዙ ነው። የተዛባ ክሮሞዞምን የሚያስተካክል ግን የለም። ሲጋራ ማቆም ይጠቅማል፣ ማጨስ ማረጥን ያስቀድማልና። ያረጀውን እንቁላል ግን አይመልሰውም።

አንድ ልመና አለኝ። ከጽሑፋችሁ ጎን የወጣው የውጭ አገር ክሊኒክ ማስታወቂያ “የስኬት መጠናችን 60 በመቶ” ይላል። በስንት ዓመቷ? በራሷ እንቁላል ነው ወይስ በለጋሽ? በ25 ዓመት ለጋሽ እንቁላል የ45 ዓመት ሴት ጥሩ ዕድል አላት፣ ምክንያቱም የሚቆጠረው የእንቁላሉ ዕድሜ ነው። ደግሞስ 60 በመቶው ከምን ተነስቶ ነው? ሕክምና ከጀመሩት ሁሉ ነው ወይስ ፅንስ ተገኝቶላቸው ከተተከለላቸው ብቻ? ይህቺ ሴት መሀል ላይ ፅንስ ባይገኝላት ኖሮ በሁለተኛው አቆጣጠር ውስጥ ጭራሽ አትገባም ነበር። ማስታወቂያውን ከማውጣታችሁ በፊት እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ጠይቋቸው፣ መልሱንም አብራችሁ አትሙት።

ከአክብሮት ጋር፣
በመካንነት ሕክምና ላብራቶሪ የምትሠራ አንባቢያችሁ
አዲስ አበባ