የልደት ወረቀታችሁ ላይ ቀን ወይም ወር ሲጎድል

ባሕር ዳር

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን አንድ አባት የልጃቸውን ወረቀት ይዘው መጡ። ወረቀቱ ላይ «1986 ዓ.ም.» ብቻ ነው ያለው፤ ቀንም ወርም የለውም። የውጭ ፎርም መሙላት ስለነበረባቸው «መስከረም 1 ብላችሁ ጻፉት፤ ምን ችግር አለው?» አሉን። አንጽፍም ስንላቸው ተቆጥተው ሄዱ። እውነቱን ለመናገር፣ ድሮ እኛም መስከረም 1 ብለን እንጽፍ ነበር። ለምን እንደተውነው ልንነግራችሁ ነው ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው።

ዓመት ብቻ ያለው ወረቀት በፈረንጆቹ አቆጣጠር አንድ ዓመት ሳይሆን ሁለት ዓመት ነው የሚነካው። የእኛ 1986 የጀመረው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 1993 ሲሆን ያለቀው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1994 ነው። ስለዚህ «በ1986 ተወለደ» የተባለ ሰው በፈረንጆቹ 1993ም ሊሆን ይችላል፣ 1994ም ሊሆን ይችላል። «ሰባት ነው ወይስ ስምንት የሚጨመረው?» እያላችሁ የምትከራከሩት ለዚህ ነው። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ የሚወስነው ወሩ ነው።

ወሩ ከታወቀ ነገሩ ይቀላል። መስከረም፣ ጥቅምትና ኅዳር ከሆነ ሰባት ይጨመራል። ከጥር እስከ ጳጉሜን ከሆነ ስምንት። ቀኑ ባይታወቅም ዓመቱ አይሳሳትም። አንድ አስቸጋሪ ወር ብቻ አለ፤ ታኅሣሥ። የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት የሚገባው ታኅሣሥ 23 ነው። ስለዚህ ከታኅሣሥ 1 እስከ 22 የተወለደ ሰው ሰባት፣ ከ23 እስከ 30 የተወለደ ደግሞ ስምንት ይጨመርለታል። (ጳጉሜን ስድስት ከሆነች ማግስት በሚጀምረው በዘመነ ዮሐንስ ግን አንድ ቀን ይንሸራተታል፤ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ፣ ጃንዋሪ 1 ደግሞ ታኅሣሥ 22 ላይ ይውላል። በዚያ ዓመት ገናን በ28 የምናከብረውም ለዚህ ነው።)

ባለፈው ዓመት ከዘጌ አንድ ወጣት በጀልባ ተሻግሮ መጣ። የክርስትና ወረቀቱ ላይ የተወለደበት «ታኅሣሥ 1986» ይላል፤ ቀን የለውም። ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ አስተርጉሞት ነበርና ያንን ትርጉም አሳየን። «ጃንዋሪ 1 ቀን 1994» ይላል። ይህ ከየት መጣ? ያ ተርጓሚ ቀኑን ሲያጣው እንደ ልማድ ጃንዋሪ 1 አድርጎ ሞላው። ጃንዋሪ 1 ቀን 1994 ታኅሣሥ 23 ስለሚውል ወሩ ውስጥ ይገባል፤ እስከዚህ ድረስ ስህተት አይመስልም።

እኛ ግን ወረቀቱን ገልብጠን ስናየው ክርስትና የተነሳበት ቀን ተጽፏል፤ ጥር 24 ቀን 1986። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ነው ክርስትና የሚነሳው፣ ሴት በሰማንያ። ከጥር 24 አርባ ቀን ወደኋላ ስትቆጥሩ፣ የተወለደበትን ቀን እንደ አንድ ይዛችሁ፣ ታኅሣሥ 15 ላይ ትደርሳላችሁ። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 24 ቀን 1993 ነው። እናቱን በስልክ ጠየቃቸው። «ከታኅሣሥ ገብርኤል በፊት ነው የወለድኩህ፤ ገብርኤል አራስ ቤት ሆኜ ነው ያለፈው» አሉት። ታኅሣሥ ገብርኤል 19 ነው። እሱም ሆነ ከእሱ በፊት ያለው ቀን ሁሉ 1993 ውስጥ ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 1994 ያለው ትርጉም በቀን ብቻ ሳይሆን በዓመትም ስቷል ማለት ነው።

ታዲያ ታኅሣሥ 15 ብለን ሞላንለት? አልሞላንም። ክርስትና ይዘገያል፤ ካህኑ አይመቻቸው ይሆናል፣ ቤተሰቡ መደገስ ያቅተዋል። ከዘገየ ልደቱ ከ15 ወደኋላ ይሄዳል። ወደፊት የሚሄደው ሕፃኑ ታሞ አስፈርቷቸው ከአርባ ቀን በፊት ካስነሱት ብቻ ነው። እንግዲህ ዓመቱን ለማወቅ ይህ ስሌት ይበቃናል፤ ቀኑን ለመጻፍ ግን አይበቃም። የተርጓሚ ሥራ ወረቀቱ ያለውን ማለት ነው እንጂ ወረቀቱ የዘለለውን መፈልሰፍ አይደለም።

ትርጉሙ ላይ የጻፍነው ይህን ነው፦ «ታኅሣሥ 1986 ዓ.ም.፤ ቀኑ በዋናው ሰነድ ላይ አልተጻፈም። ወሩ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 10 ቀን 1993 እስከ ጃንዋሪ 8 ቀን 1994 ያለውን ጊዜ ይይዛል።» ወጣቱ ፓስፖርት ገና አላወጣም ነበር፤ ይህ ዕድሉ ነው። ወደ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሄዶ፣ ምስክር አቅርቦ፣ ቀን ያለው የልደት ምስክር ወረቀት አወጣ። ፓስፖርቱም ያንኑ የልደት ቀን ይዞ ተሠራ። ከዚያ በኋላ ፎርም መሙላት መገልበጥ ብቻ ሆነ። የጎደለ ቀን መሞላት ያለበት እዚያ፣ በእኛው አቆጣጠር፣ በሚመለከተው መዝገብ ላይ ነው። እኛ ኪቦርድ ላይ የምንሞላው ነገር ነገ ማስረጃ ሲጠየቅ የሚያቆመው የለም።

ፓስፖርት ያላችሁ ደግሞ ሌላ ሕግ አላችሁ፤ ፓስፖርቱ የሚለውን ጻፉ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የልደት ቀን በፈረንጆቹ ነው የሚታተመው። የአሜሪካው የቪዛ ማመልከቻ DS-160 ራሱ ቀኑ ወይም ወሩ የማይታወቅ ከሆነ በፓስፖርቱ ላይ እንደሰፈረው ጻፉ ይላል። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ቀን የግምት መሆኑን ብታውቁም ፎርሙ ላይ ሌላ ቀን አታስገቡ። ስህተት ነው ካላችሁ መጀመሪያ ፓስፖርቱን አስተካክሉ።

ፎርሙ ባዶ አልቀበልም ካለና ፓስፖርትም ከሌላችሁ፣ የምትመርጡት ቀን ወረቀታችሁ የሚለው ዓመት ውስጥ መውደቁን አረጋግጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 1986 ላይ ሰባት ጨምሮ «ጃንዋሪ 1 ቀን 1993» ይላል። ያ ቀን ግን ታኅሣሥ 23 ቀን 1985 ነው፤ ከዓመቱ ውጭ ወጣ። ጃንዋሪ 1 ከሆነ ምንጊዜም ስምንት ነው የሚጨመረው። መስከረም 1 ከሆነ ሰባት። የመረጣችሁትን ቀን በሌሎቹ ፎርሞች ሁሉ ላይ እሱኑ ጻፉ፤ ቀኑ የግምት መሆኑን የሚገልጽ አጭር ማብራሪያም አያይዙ።

የድሮ ወረቀታችሁን ስታገላብጡ አንድ ነገር ልብ በሉ። የልደት ቀናችሁ በትክክል ሴፕቴምበር 11 ወይም ጃንዋሪ 1 ከሆነ አንድ ጸሐፊ ባዶውን የሞላበት ሳይሆን አይቀርም። በእርግጥ በእንቁጣጣሽ ቀን የተወለደ ሰውም አለ፤ የእኛው ታይፒስት አንዷ ናት። ግን አንዱ ወረቀት ሴፕቴምበር 11፣ ሌላው ጃንዋሪ 1 ካለ፣ ሁለቱም ከአንድ ባዶ ቦታ የመጡ ናቸው ብላችሁ ጠርጥሩ። ቃለ መጠይቅ ላይ ከመጠየቃችሁ በፊት ምንጩን ፈልጉት።

ስትመጡ ፎቶ ኮፒ ሳይሆን ዋናውን ይዛችሁ ኑ። የክርስትና ወረቀት ካላችሁ ጀርባውንም እናየዋለን። ፓስፖርት ያላቸው ፓስፖርታቸውን፣ ከዚህ ቀደም ሌላ ቦታ ያስተረጎሙም ያንን ትርጉም አይርሱ። ቀኑ ሳይገጥም ሲቀር ቀድመን እንድናየው ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የትርጉምና የጽሕፈት አገልግሎት ቤታችሁ