ኳ ኳ! ማነው? የእንግሊዝኛ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የእንግሊዝኛ ክበባችን ዘንድሮም ክርክሩንና የቃላት ውድድሩን እንደ ወትሮው አካሂዷል። ውጤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስለተለጠፈ እዚህ አልደግመውም። የምጽፈው በዕቅዳችን ውስጥ ስላልነበረ ነገር ነው። ጥቅምት ላይ ለአንድ ቀን ብለን ጀመርነው፤ እስከ ሰኔ አለቀቀንም።

ነገሩ "ኖክ ኖክ" የሚባለው የእንግሊዝኛ ቀልድ ነው። በ1936 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አሜሪካን እንደ ጉንፋን አዳርሷት ነበር። አምስት መስመር ብቻ ነው ያለው። አንዱ "ኖክ ኖክ" ይላል። ሌላው "ሁ ኢዝ ዜር?" ብሎ ይጠይቃል፤ ማነው? እንደ ማለት። የመጀመሪያው አንድ ስም ይጠራል። ሁለተኛው ስሙን ደግሞ "ሁ?" ይጨምርበታል። ከዚያ ስሙ ስም ሳይሆን ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል። ከአምስቱ ሦስቱ ሁልጊዜ ያው ናቸው። የሚቀየሩት ሦስተኛውና አምስተኛው ናቸው።

የመጀመሪያ ቀን በጣም የታወቀውን መርጬ መጣሁ። በር የሚያንኳኳው "ሌተስ" ነው፤ ሰላጣ ማለት ነው። "ሌተስ ሁ?" ሲባል "ሌት አስ ኢን፣ ውጭ ብርድ ነው" ይላል። ሰላጣው "አስገቡን" ሆነ ማለት ነው። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት፣ አነበብኩት፣ ጠበቅሁ። ዝም። አንዱ ልጅ "ቲቸር፣ ሰላጣ በር አያንኳኳም" አለኝ። እውነቱን ነው።

ሌላ ልጅ አስነሳሁና አብሬው ሞከርኩ። "ኖክ ኖክ" አልኩት። "ሁ ኢዝ ዜር?" አለ። "ሌተስ" አልኩት። ልጁ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ማሰብ ጀመረ። ቆየ። በመጨረሻ "አላወቅሁም ቲቸር፣ ሐረርን ይውሰዱ" አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

እኔም ሳቅሁ፤ ማታ ግን ነገሩ ከራሴ አልወጣ አለ። ልጁ የሚያውቀውን ማዕቀፍ ነው ያመጣው። "እንቆቅልሽ" ሲሉህ "ምን አውቅልሽ" ትላለህ። ጥያቄው ይመጣል፤ ሲሄድ ውሎ ሲሄድ የሚያድር ምንድን ነው? ወንዝ ካልክ ዳንክ። ካላወቅህ አገር ትሰጣለህ፤ ጠያቂው አገሩን ይረከብና እንደልቡ ከፎከረብህ በኋላ መልሱን ይነግርሃል። እዚያም ቃሉ ሁሉ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ልዩነቱ እንቆቅልሽ እንድታስብ ይፈልጋል። ኖክ ኖክ ግን እንዳታስብ ነው የሚፈልገው። አድማጩ የሚሸነፍበትም የሚያሸንፍበትም ነገር የለም። የተሰጠውን ስም ተቀብሎ ቶሎ መጠየቅ ብቻ ነው ሥራው። የእኔ ተማሪዎች ፈተና ላይ እንዳሉ ሆነው ይጠብቁ ነበር። እያሰበ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ስሙን እንደ ስም አይሰማውም፤ ቃሉን ገና ድሮ በታትኖታል።

በሳምንቱ ቀልዱን ወደ አማርኛ እናምጣው ተባባልን። መጀመሪያ የተጣላነው በአራተኛው መስመር ላይ ነው። "የቱ ከበደ?" ይባል ያሉ ነበሩ። "ምን ከበደ?" ያለም ነበር። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ግን "ስም ሲመዘግቡን ምንድን ነው የሚሉን?" ብላ ጠየቀች። "ከበደ ማን?" ነዋ! የአባት ስም የሚጠየቀው እንደዚያ ነው። ክርክሩ እዚያው አለቀ። ከዚያ በኋላ የመጣው ጎርፍ ነው፤ ምክንያቱም ስሞቻችን ግማሾቹ ዓረፍተ ነገር ናቸው።

ኳ ኳ።
ማነው?
ዘነበ።
ዘነበ ማን?
ዘነበ እኮ! ክፈቱልኝ፣ በሰበስኩ!

እስካሁን ከሠራናቸው ሁሉ እኔ የምወደው ግን ይሄንን ነው።

ኳ ኳ።
ማነው?
ማንደፍሮ።
ማንደፍሮ ማን?
ማን ደፍሮ ይግባ ውሻው ሳይታሰር!

ሁለተኛው ለምን እንደሚበልጥ ብዙ ተነጋግረናል። ዘነበ ሲባል ስሙም ግሡም አንድ ቃል ነው። ማንደፍሮ ግን ተሰንጥቆ ለሁለት ይከፈላል። ደግሞ "ማን?" የሚለው የጠያቂው ቃል ወዲያው በመላሹ አፍ ይመለሳል። ሰምና ወርቅ የሚያውቅ ሰው "ይሄማ ኅብረ ቃል ነው" ሊል ይችላል። ልክ ነው፤ ቅኔ ላይ ግን ወርቁን የምትቆፍረው አንተ ነህ። እዚህ በር ድረስ ያመጡልሃል።

ኅዳር ላይ አንድ ነገር ሞከርን። ጥናት አልለውም፤ የልጅ ጨዋታ ነው። የዘነበን ቀልድ ለሦስት የሰባተኛ ክፍል ምድቦች በሦስት መንገድ አቀረብነው። ለአንደኛው እንደ ወሬ ነገርናቸው። "አንድ ዘነበ የሚባል ሰው በር አንኳኳ። ማነው ሲሉት ዘነበ አለ። እነሱ ስሙ መሰላቸው፤ እሱ ግን ዝናብ መጣ ማለቱ ነበር።" ሁለት ልጆች ፈገግ አሉ፤ አንዱ የክበባችን አባል ነው። ለሁለተኛው ክፍል አንድ ልጅ ብቻዋን የሁለቱንም ድምፅ እየሠራች ተጫወተችው። ትንሽ ሳቅ ተገኘ። ለሦስተኛው ክፍል መጀመሪያ ሁለት ሌሎች ቀልዶች አስለመድናቸውና ከዚያ ዘነበን አመጣነው። "ዘነበ ማን?" የሚለውን ሃምሳ ልጅ በአንድ ድምፅ ጮኸው። ሳቁን ከጎረቤት ክፍል ያለው መምህር መጥቶ አስቆመው።

ቃሉ አንድ ነው፣ ቀልዱም አንድ ነው። ታዲያ የተለየው ምንድን ነው? ወሬው ላይ ተናጋሪው "ስሙ መሰላቸው" ብሎ ራሱ ያስረዳል፤ ሌላ ሰው ተሳሳተ፣ አንተ ትሰማለህ። ማዕቀፉ ላይ ግን የተሳሳትከው አንተ ነህ። "ዘነበ ማን?" ብለህ የአባት ስም የጠየቅኸው በራስህ አፍ ነው። ያም ደግሞ ጥፋትህ አይደለም፤ ጨዋታው ነው ያናገረህ። ስለዚህ ብትታለልም አታፍርም።

ሁለተኛው ነገር ሰዓቱ ነው። ጠማማው ነገር አምስተኛው መስመር ላይ እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል። የማያውቀው ምን እንደሚመጣ ነው። አንዱ አባላችን ይህን በእስክስታ አስረዳን። ጭብጨባው ወጥ ካልሆነ የጨፋሪው ትከሻ መቼ እንደሰበረው አይታይህም አለ። ከእኔ ማብራሪያ የእሱ ይሻላል።

የከሸፉብንም አሉ። ለገና በዓል ለሚኒ ሚዲያ ያዘጋጀነው አንዱ ነው። "ኳ ኳ፣ ማነው? ገና። ገና ማን? ገና አልመጣሁም!" ወረቀት ላይ ስናነበው ወደድነው። ድምፅ ማጉያው ላይ ሞተ። ምክንያቱን ያገኘችው ያቺው የሰባተኛ ክፍል ልጅ ናት። በዓሉ ሲጠራ ጠብቆ ነው የሚነበበው፤ "ገና ነው" ሲባል ደግሞ ላልቶ። ሦስተኛው መስመር ላይ አጥብቀህ ካልከው መጨረሻው አይገጥምም። አላልተህ ካልከው ከመጀመሪያው ተነቃብህ። ፊደላችን ይህን ልዩነት ስለማያሳይ ዓይናችን አታሎናል። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም አዲስ ቀልድ ሳይጻፍ በፊት በጆሮ ይፈተናል።

ሌላው ውድቀት ላሟ ነበረች። እንግሊዝኛው ላይ የምታቋርጥ ላም አለች። "የምታቋርጥ ላም" ብለህ ስምህን ትናገራለህ። ጠያቂው "የምታቋርጥ ላም ማ..." ሲል ሳይጨርስ "እምቧ!" ትልበታለህ። ቀልዱ ማዕቀፉን ራሱን መስበሩ ነው። ጥቅምት ላይ ስንሞክረው ልጆቹ "ምን ሆነ ይሄ?" ብለው አዩን። የሚሰበር ነገር ገና አልነበራቸውማ! ጥር ላይ ያንኑ ላም ለእነዚያው ልጆች አመጣናት። አንዷ ከወንበሯ ወደቀች። በመሃል የተቀየረው ሦስት ወር ሙሉ "ማን?" ማለታቸው ብቻ ነው። እዚህ ላይ ግን ጊዜዋን ማወቅ ያስፈልጋል። "እምቧ" ከ"ማን" በኋላ ከመጣች ተራ ላም ናት።

እንዲሁ በድግግሞሽ የሚሠራ አንድ የእንግሊዝኛ ቀልድ አለ። "ባናና" እያለ ደጋግሞ ያንኳኳል፤ ሰውየው ሲሰለቸው "ኦሬንጅ" ይላል። በአሜሪካኖች አነጋገር "ኦሬንጅ" እና "አርንት ዩ" ስለሚቀራረቡ "ባናና ባለማለቴ ደስ አይልህም?" ይሆናል። ለእኛ ጆሮ አይቀራረብም። አባሎቻችን ግን የራሳቸውን ሠሩ። ዘነበ መጥቶ "ዘነበ ማን?" ሲሉት መልስ ሳይሰጥ እንደገና ኳ ኳ ይላል። አሁንም ዘነበ። አሁንም ኳ ኳ። ከዚያ "ፀሐይ" ይላል። "ፀሐይ ማን?" "ፀሐይ ወጣች እኮ! ዘነበ ቀረ፤ ደስ አይልም?" ስንት ጊዜ ይደገም የሚለውን ብዙ ሞክረናል። በሁለት ማንም አይሰለችም። በስድስት ጠያቂው ራሱ ትቶን ሄደ። በሦስት ረጋን።

የአምፖሉንም ቀልድ ነካክተነዋል፤ ሆኖም እንደ በሩ አልያዘንም። "አንድ አምፖል ለመቀየር ስንት የክፍል አለቃ ያስፈልጋል?" የሚል ነው። ከተጻፉት ሃያ ምናምን መልሶች የተረፈው አንድ ነው። "አንድም። መብራት የለም።"

የመጨረሻው ስብሰባችን ሰኔ ላይ ነበር። ልጆቹ ቀድመውኝ ገብተው በሩን ከውስጥ ዘግተውታል። እኔ የፈተና ወረቀት ታቅፌ ግቢውን ሳቋርጥ ዶፉ ወረደ። ሮጬ በሩን ደበደብኩት።

"ማነው?" አሉ ከውስጥ።

"እኔ ነኝ፣ ክፈቱ! ዘነበ!" አልኩ፤ ምንም ሳላስብ።

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ሃያ ሦስቱም በአንድ ድምፅ "ዘነበ ማን?" አሉኝ።