ጨው ሲታጠብ አዮዲኑ የት ይሄዳል?

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በቅርቡ ስለ ጨው ዋጋ መናር ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። የዋጋው ነገር እውነት ነው፤ ቅዳሜ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። እኔን ያስጻፈኝ ግን ሌላ ነው። አዮዲን ያለው ጨው ከሱቅ ተገዝቶ ወጥ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ስለሚደርስበት ነገር ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። በሰሜን ሸዋ ደጋ በአንድ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ነገሩን ያየሁት በአንዲት እናት ማጀት ውስጥ ነው።

አምና ለእርግዝና ክትትል አንዲት ሴት መጣች። ሦስተኛ ልጇን ያረገዘች፣ ገና ሦስት ወር ያልሞላት ናት። ሻሿን ከአንገቷ ስታነሳ እንቅርቷ ቀና ማለት ሳያስፈልጋት ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ምን ዓይነት ጨው እንደምትበላ ጠየቅኋት። «ኧረ ሲስተር፣ እኛማ አዮዲን ያለውን ነው የምንገዛው። ከረጢቱ ላይ ተጽፏል፤ ልጄ አንብቦልኛል» አለችኝ። አመንኳት፤ አልዋሸችኝምም። ግን አዮዲን ያለው ጨው የሚበላ ቤት ውስጥ እንቅርቱ ለምን እያደገ ሄደ የሚለው ከነከነኝና፣ ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር ቤቷ ሄድን።

የጨው መመርመሪያ ጠብታ ይዘን ነበር። ጠብታው ስታርች ያለበት ፈሳሽ ነው፤ አዮዲን ያለው ጨው ላይ ሲያርፍ ጨውን ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ሐምራዊ ይለውጠዋል። መጀመሪያ ገና ካልተከፈተው ከረጢት ቆንጥረን ጠብ አደረግንበት፤ ወዲያው ሐምራዊ ሆነ። ቀጥሎ እሳት ዳር ከተቀመጠው፣ ክዳን ከሌለው የጨው ዕቃ ወሰድን። ነጭ እንደሆነ ቀረ። እንዲህ ሲሆን በአንድ ጠብታ አይፈረድም፤ አሲድነት ያለውን ሁለተኛ ጠብታ ጨምሮ እንደገና መሞከር ያስፈልጋል። ሞከርን፤ አሁንም ነጭ። ጨው ያው ከአንድ ገበያ፣ ከአንድ ነጋዴ የተገዛ ነው።

አማቷን ጠየቅናቸው። አንገታቸው ዙሪያ የተነቀሱ አሮጊት ናቸው፤ በልጅነታቸው እንቅርት ያጠፋል ተብሎ ነው የተነቀሱት። ጨው ሲገዛ እሳቸው በውሃ ያጥቡታል፣ ጀንዲ ላይ ፀሐይ ያሰጡታል፣ ከዚያ ይወቅጡታል። «ሳይታጠብማ አሸዋ ልንበላ ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁላቸው፤ ከከረጢቱ በእጄ ሳፍስ ጨዉ በእርግጥ አፈርና ጠጠር ነበረበት።

አዮዲኑ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ገበያችን ላይ የሚሸጠው ጨው አብዛኛው ከአፋር፣ ከአፍዴራ ይመጣል። ጨዉ ከተመረተ በኋላ ፖታሲየም አዮዴት የሚባል ውህድ በውሃ ተበጥብጦ ይረጭበታል። የተረጨው ነገር የሚቀመጠው በጨዉ ፍሬ ገጽ ላይ ነው እንጂ መሐሉ አይገባም። ውሃ ሲነካው ከሁሉ ቀድሞ የሚታጠበው እሱ ነው። የተረፈውን ደግሞ ፀሐይና እርጥበት ይጨርሱታል። ክዳን የሌለው ዕቃ እንፋሎት እየጠጣ ሲሰነብትም፣ ጨው ገና ሽሮው ሳይፈላ ተጨምሮ ለረጅም ሰዓት ሲንተከተክም እንዲሁ ይቀንሳል።

መጠኑን በቀላሉ እናስላው። ያረገዘች ሴት በቀን 250 ማይክሮግራም አዮዲን ያስፈልጋታል፤ ሌላው አዋቂ 150 ይበቃዋል። በአንድ ኪሎ ጨው ውስጥ 30 ሚሊግራም አዮዲን ቢኖር፣ እያንዳንዱ ግራም 30 ማይክሮግራም ይይዛል። በቀን 8 ግራም የምትበላ እናት 240 ታገኛለች፤ ተቀራርቧል። በእጥበቱ ግማሹ ብቻ ቢጠፋ ግን ወደ 120 ይወርድባታል። ጨው በመጨመር እናካክሰው እንዳይባል ደግሞ 8 ግራሙም ቢሆን ለጤና ከሚመከረው 5 ግራም በላይ ነው፤ ደም ግፊት አለ። ስለዚህ ያለው አማራጭ በምትበላው ጨው ውስጥ ያለውን አዮዲን አለማባከን ነው።

በሌላ አገር ሰው ከባሕር ዓሣም ሆነ ከሌላ ምግብ ሊያገኘው ይችላል። እኛ ደጋ ላይ ያ የለንም። ለዘመናት የወረደው ዝናብ አፈሩን ወደ ጀማና ወደ አዋሽ ሲግዘው አዮዲኑንም አብሮ ወስዶታል። በዚያ አፈር የበቀለው ገብስና ባቄላ፣ ሣሩን የበላችው ላም ወተትም ጭምር አዮዲን የላቸውም ማለት ይቻላል። አንገታችን ውስጥ ያለው ዕጢ ያችኑ ጥቂት አዮዲን ለመሰብሰብ ሲታገል ይተልቃል፤ እንቅርት የምንለው ይህንኑ ነው። ሰዎች የምንጩ ውሃ ነው፣ ሸክም ነው ይላሉ። ውሃውን ቢቀይሩ ግን ገብሱ የበቀለበት አፈር ያው ነው።

እንቅርቱ ራሱ ከሚያሳስበኝ በላይ የሚያሳስበኝ ጽንሱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሕፃኑ የራሱ ዕጢ ገና ሥራ ስላልጀመረ አእምሮው የሚያድገው የእናቱ ዕጢ ከአዮዲን በሚሠራው ሆርሞን ነው። የእናትየው ከተጓደለ ውርጃ ሊከተል ይችላል፤ ሲከፋም ልጁ መስማትና መናገር የማይችል፣ ቁመቱም አእምሮውም ያልዳበረ ሆኖ ይወለዳል፤ በኋላ አዮዲን ቢሰጠው አይመለስም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ይኼ ነው። ሴቶቻችን ለክትትል የሚመጡት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እነዚያ ሦስት ወራት ካለፉ በኋላ ነው። ስለዚህ ጨዉ መስተካከል ያለበት ሴትየዋ ከማርገዟ በፊት፣ ገና ቤት ውስጥ ሳለች ነው።

ለዚያች ቤት የነገርናቸው ብዙ አይደለም። ጠጠሩን በስፌድ ላይ መልቀም እንጂ አለማጠብ፤ ጨዉን ክዳን ባለው ዕቃ ከእሳትና ከፀሐይ ማራቅ፤ ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመር። በርበሬ ሲዘጋጅ አብሮ ገብቶ ፀሐይ የሚመታውን ጨው ከቁጥር እንዳያስገቡትም ነግረናቸዋል። ለረጅም ዓመት የቆየና የጓጎለ እንቅርት በዚህ እንደማይጠፋ ለአማቲቱ በግልጽ ነግሬያቸዋለሁ፤ ሐኪም ማየት አለበት። ከሁለት ወር በኋላ ስንመለስ ከዕቃው የቆነጠርነው ጨው ሐምራዊ ሆነ። የቀለሙ መድመቅና መፍዘዝ ትክክለኛውን መጠን አይነግርም፤ ያ የሚለካው በላቦራቶሪ ነው። ቢሆንም ነጭ ከነበረው ዕቃ ይህን ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር።

እናቶችን ጨው አትጠቡ ማለቱ ብቻውን ፍትሕ አይመስለኝም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው ያስገድዳል። አፈር የተቀላቀለበት ጨው እስከተሸጠ ድረስ ግን ሴቶቻችን ያጥቡታል፤ ማንም ቢሆን ያጥበዋል። የወረዳ ተቆጣጣሪዎች ጠብታውን ይዘው በየገበያው ይዙሩ፤ የከረጢቱን ጽሑፍ ብቻ አንብበው አይለፉ፤ ፀሐይ ላይ የተዘረገፈውንም ይመልከቱ። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ስኳርና ዘይት እንደሚያከፋፍሉት ሁሉ ንጹሕና የታሸገ ጨው ወደ ደጋው ያምጡልን።

እናንተም ስለ ጨው ዋጋ ዳግም ስትዘግቡ ነጋዴውን አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ ይህ ጨው ሳይታጠብ ይበላል ወይ?

ከአክብሮት ጋር፣
አዋላጅ ነርስ፣ ከሰሜን ሸዋ