የእቴቴን ሳጥን በጅምላ አትሽጡት

ውድ እህቴ፣

በስልክ ስለምንገናኝ ሰላምታ አላበዛም፤ የእማዬን ጉልበት ግን ሳሚልኝ። ይህን የምጽፍልሽ በላክሽልኝ ፎቶግራፍ ምክንያት ነው። የእቴቴን ሳጥን ከነልብስ ስፌት መኪናዋ አንድ ነጋዴ በጅምላ ሊወስደው እንደሆነ፣ ገንዘቡም ለሠርግሽ እንዲውል እንዳሰባችሁ ነግረሽኛል። እባክሽ፣ ቆይ በይው። ለሠርጉ የሚሆነውን ዛሬ ጠዋት በባንክ ልኬያለሁ፤ የሚያስቸኩል ነገር የለም።

ቀብሯ ላይ ያልቆመ ሰው ስለ ዕቃዋ ምን አገባው የሚል ዘመድ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ወድጄ አልቀረሁም። ደግሞም እዚህ ፍራንክፈርት እንጀራዬ ይኸው ነው፤ የምሠራው የሟቾችን ቤት ባዶ በሚያደርግ ድርጅት ውስጥ ነው። ስለ ወገቤ አታስቢ፣ ከባዱን ዕቃ የምናነሣው ሁለት ሆነን ነው። ሰው ውድ ነው ብሎ የሚሟገትበት ዕቃ ርካሽ፣ ለቆሻሻ ያዘጋጀው ደግሞ ውድ ሆኖ ሲገኝ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ከብሮቹ ልጀምር። በክር ከተሰኩት ሰባት ብሮች ስድስቱ ማርትሬዛ ይመስላሉ። 1780 የሚለውን ዓመት አትመኚው፤ ከዚያ ወዲህ በተለያዩ አገሮች ሲመታ የኖረው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው። የሚታመነው ክብደቱ ነው። እውነተኛው 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ ንጹሕ ብሩ ከ23 ግራም ትንሽ ይበልጣል። አንቺ ወርቅ ቤት ካስመዘንሻቸው አምስቱ 28 አካባቢ ናቸው፤ ጥቂት መጉደላቸው የመታሸት ነው። ስድስተኛው ግን መጠኑ እኩል ሆኖ 24 ግራም ብቻ መዝኗል። ይህ የመታሸት ጉድለት አይደለም። ነሐስ ከብር ስለሚቀል በዚያው መጠን ሲቀረጽ ክብደቱ እዚያ ገደማ ይወድቃል። ጠርዙን በጣትሽ ዳስሺው፤ እውነተኛው ዙሪያውን ጎላ ብለው የወጡ የላቲን ፊደሎችና ጌጦች አሉት። ልሙጥ ከሆነ፣ ፊቱም ላይ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያሉ ነጥቦች ካሉ፣ በቅርጽ የፈሰሰ ነው። ማግኔት አይበቃም፤ ነሐስንም ብርንም አይስብም።

ሰባተኛው የምኒልክ ብር ነው፤ በአንድ ወገን የንጉሡ መልክ፣ በሌላው አንበሳው አለ። እርሱን ለብቻው አስቀምጪው፤ ሰብሳቢዎች ከብርነቱ ዋጋ በላይ ሊከፍሉበት ይችላሉ። ቀለበት የተበየደበት ወይም የተበሳ ከሆነ ያ ተጨማሪ ዋጋ በእጅጉ ይቀንሳል፤ የብርነቱ ዋጋ ግን አይጠፋም። ጥቁረቱን በአመድም በሎሚም እንዳትነኪው፤ ሲፈተግ መልኩ ይታጠባል፣ ዋጋውም አብሮ ይሄዳል። የሚሸጥ ካለም በግራም ተመዝኖ፣ ሁለት ወርቅ ቤት ተጠይቆ ይሁን፤ ነጋዴው በጅምላ የሚለው ይህን ሁሉ ከአሮጌ ልብስ ጋር ቆጥሮ ነው። አጎታችንም ወራሽ ነውና እርሱ ባለበት ይመዝገብ።

ሲንጀሩ ላይ አጎታችን ብዙ ተስፋ እንደጣለ ሰምቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 በሳዑዲ ዓረቢያ አሮጌ ሲንጀር ውስጥ ቀይ ሜርኩሪ የሚሉት እጅግ ውድ ነገር አለ የሚል ወሬ ተነሥቶ ሰው ገንዘቡን አፍስሶ ነበር፤ ውሸት ነው። እንዲህ ያለ መኪና በሚሊዮኖች ተሠርቷል። ዋጋው መስፋቱ ነው። ስለዚህ አይሸጥ፤ እቴቴ የትምህርት ቤት ልብሳችንን የሰፋችበት ነው፣ ለእማዬ ይቅርላት።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ለቆራሌ የተዘጋጀውን የወረቀት ክምር በፎቶግራፉ ጥግ አየሁት። በፍጹም! አያታችን ምድር ባቡር ሲሠራ የነበረውን ካፖርት ኪስ፣ የስፌት መኪናውን መሳቢያ፣ የፎቶግራፍ ክፈፎቹን ጀርባ አንድ በአንድ ፈትሹ። የሟች ቤት ስናጸዳ የቤት ሰነድም ሆነ ገንዘብ ሲገኝ እንዲህ ካለ ቦታ ነው። የእድሩን ደብተርና የግብር ደረሰኞቹን ለይታችሁ አኑሩ። ፎቶግራፎቹን ደግሞ እማዬ ፊት አስቀምጪና ማን ማን እንደሆነ ትንገርሽ፤ አንቺም ከጀርባው በእርሳስ ጻፊ፣ በስክሪብቶ አይሁን፣ ቀለሙ ወደ ፊት ይዘልቃል። ከእርሷ በቀር እነዚያን ፊቶች የሚያውቅ አልቀረም። እኔ እንኳ የእቴቴን እናት መልክ አላውቀውም።

ከነጠላዎቿ አንዱን፣ ያልታጠበውን፣ ለእኔ አስቀሪልኝ። የሳጥኑ የአሪቲ ሽታ እዚህ ድረስ ይመጣብኛል።

በሠርግሽ ቀን አልኖርም፤ ስለዚህ እንዳትቆጪኝ፣ እንዳታለቅሺም። ጥልፍ ቀሚሷ ይሆንሽ እንደሆነ ሞክሪው፤ ከሆነልሽ ለመልስ ልበሺው።

ከላክሁት ላይ ለእማዬ መነጽር ቀንሺ፣ የደም ግፊቷንም ፎቶግራፎቹን ከመጀመራችሁ በፊት አስለኪላት፤ ማልቀሷ አይቀርም። እሑድ ስደውል የስድስተኛውን ብር ጠርዝ ነገር ንገሪኝ።

ወንድምሽ