«ቀውጢ» እንዴት ምስጋና ሆነ?

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ወጣቶች የቃላትን ፍቺ እየገለበጡ ቋንቋውን አበላሹት ስለሚለው ጽሑፋችሁ ነው የምጽፈው። ግልበጣው መኖሩ እውነት ነው፤ ብልሽት መባሉ ግን አላሳመነኝም።

«ቀውጢ»ን እንውሰድ። «ቀውጢ ሰዓት» ሲባል ጭንቅና ትርምስ ነው። እዚህ ጎንደር ፒያሳ አንድ ጎረምሳ «ጥምቀቱ ቀውጢ ነበር» ቢል ግን ደመቀ ማለቱ ነው። አያቱ ቢሰሙት «ማን ተጎዳ?» ማለታቸው አይቀርም።

ቃሉ ሁለት ነገር ነበረው፤ ክፋትና ኃይል። ጎረምሳው የፈለገው ኃይሉን ብቻ ነው። እንግሊዝኛም እንዲሁ አድርጓል። «ዊክድ» ክፉ፣ «ሲክ» በሽተኛ ማለት ሆነው ሳለ በአራዳ አፍ «ግሩም» ሆነዋል። «ቴሪፊክ» ደግሞ አስፈሪ ማለት ነበር፤ ዛሬ የቀረለት ሙገሳው ነው። «አሰልቺ» ለሙገሳ የማይመቸውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ጉልበት የለውም።

ሁለተኛው ምክንያት ወዳጅነት ነው። ግልብጡን የሚረዳው የቡድኑ ሰው ነው፤ ሌላው ይደናገራል። መደናገሩም፣ እውነቱን ለመናገር፣ የጨዋታው ግማሽ ነው። ሁሉም ሲለምደው ወጣቱ ሌላ ቃል ይፈልጋል።

የድሮው ፍቺ ወዲያው አይጠፋም። «ቀውጢ ሰዓት» ዛሬም ጭንቅ ነው፤ «ቀውጢ ሠርግ» ደስታ። የሚለየው አጠገቡ ያለው ቃልና የተናጋሪው ድምፅ ነው።

ስለዚህ በቋንቋ ዓምዳችሁ እንዲህ ያሉ ቃላትን ከነሙሉ ዓረፍተ ነገራቸው ብትመዘግቡ ጥሩ ነው። የተናጋሪው ዕድሜ፣ ከተማውና ዓመተ ምሕረቱም ይጻፍ። ቃሉ ብቻውን ከተጻፈ የትኛው ፍቺ እንደሆነ አይለይም።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር